የእናታችሁ ስልክ ሲጠፋ በሩ ሁሉ አብሮ እንዳይዘጋ

እናቴ ስልኳን ባጃጅ ውስጥ ጥላ ወረደች። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ሎሚ ገዝታ ወደ ሳቢያን እየተመለሰች ነበር። ቤት ገብታ ቦርሳዋን ስትፈትሽ ስልኩ የለም።

የጎረቤት ልጅ ሮጦ መጥቶ ስልኩን ሰጣት። «እንኩ እማማ፣ ለልጆችዎ ይደውሉ» አላት። እሷ ግን የማናችንንም ቁጥር አታውቅም። በቃሏ የያዘችው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ ከሃያ ዓመት በፊት የነበረን፣ በ025 የሚጀምረው የቤት ስልክ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ነገሩን የሰማሁት በማግስቱ፣ አክስቴ ልትጠይቃት በሄደች ጊዜ ነው።

ሰኞ ሲሙን ለማስወጣት ሄዱ። ሲሙ በእሷ ስም አልነበረም። ያኔ መጀመሪያ ስልክ ስትይዝ ያወጣላት አጎቴ ነው፤ እሱ ደግሞ ጅቡቲ ነው የሚሠራው። ሠራተኛዋ «ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ» አለች። ልክ ነች። ባትል ኖሮ ማንም ሰው የእናቴን ሲም ማስወጣት ይችል ነበር።

ጂሜይሏን ልክፈት ብዬ ሞከርኩ። ፓስወርዱን የሚያውቅ የለም፤ ስልኩን የገዛንበት ሱቅ ያለ ልጅ ነው ከፍቶ የሰጣት። ፓስወርዱ ሲረሳ ኮድ የሚላከው በዚያው በጠፋው ቁጥር ነው። ቴሌግራሟም በዚያው ቁጥር። ቴሌብሯም በዚያው ቁጥር። የአባቴ የመጨረሻ አምስት ዓመት ፎቶዎች ያሉት ጂሜይሉ ላይ ነው።

አጎቴ ለፋሲካ እስኪመጣ አሥራ አንድ ሳምንት ጠበቅን። ሲሙ በወጣ ዕለት ቴሌግራሙም ቴሌብሩም ከምሳ በፊት ተከፈቱ። ጂሜይሉ ጥቂት ቀን አስጠብቆ ተከፈተ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እናቴ ሦስት በር አላት ብዬ አስብ ነበር። ቁልፉ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በእሷ ስም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ድሬ ተቀምጬ የሠራነውን ነው የምጽፈው። የእናቴ ስልክ አንድሮይድ ስለሆነ በዚያው ልክ ነው የምናገረው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጠዋት ጀምሩ። ድሬ ላይ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ለእናንተም ለእሷም አይሆንም፤ የደከመ ሰው ደግሞ አዲስ ቁጥር አይዝም። ሥራውን ለሁለት ጠዋት ከፍሉት። የሚያስፈልገው መታወቂያዋ፣ አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የእናንተ ስልክ፣ ከተገኘም ሌላ አሮጌ ስልክ ነው።

ስልኩን እሷ ትያዝ። እናንተ ከጎኗ ቁጭ በሉ። እኔ የመጀመሪያውን ሰዓት ስልኩን ከእጇ እየወሰድኩ ስነካካ አሳለፍኩት። ከዚያ «ምን አደረግሽ?» ስትለኝ ያሳየኋት አንድም ነገር እንደሌለ ገባኝና ከመጀመሪያው ጀመርን።

አንደኛ፦ ሲሙ በማን ስም ነው?

ይህ ሳይጣራ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። በእኛ ሰፈር ከጠየቅኳቸው ትልልቅ ሰዎች ብዙዎቹ ሲማቸው በልጅ፣ በወንድም ወይም በአከራይ ስም የወጣ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ በ994 ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን እሷን ይዛችሁ አገልግሎት መስጫው ድረስ መሄድ ነው። በሌላ ሰው ስም ከሆነ ያ ሰው በአካል በሚገኝበት ቀን ሁለቱም መታወቂያቸውን ይዘው ሄደው ወደ እሷ ይዛወር። ሰውየው ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ ለበዓል ሲመጣ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ይህ ይሁን።

በስሟ ከሆነም ስሙ መታወቂያዋ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። የአያት ስም የጎደለበት፣ የትውልድ ዘመኑ አንዱ ላይ በእኛ ሌላው ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈበት ሰው ብዙ ነው። ይህ ስልኩ በጠፋ ቀን ያስለቅሳል። ዛሬ ግን የአንድ ጠዋት ጉዳይ ነው።

ድሬ ላይ ሁለት ሲም የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ሳፋሪኮምም በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ አገልግሎቱን መሞከር የጀመረው ከእኛ ከተማ ነው፤ እናቴም ያኔ በ07 የሚጀምር ቁጥር አውጥታለች። «ታዲያ ሁለተኛው ቁጥር መጠባበቂያ ይሁናት» ብዬ ነበር። አይሆንም። ሁለቱም ሲሞች ያሉት አንድ ስልክ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ሲጠፋ አብረው ነው የሚጠፉት። መጠባበቂያ የሚሆነው ቁጥር ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው።

ስለ ሲሙ የሚስጥር ቁጥርም አንድ ነገር ልበል። ሲሙ ራሱ ፒን እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳተች ግን ሲሙ ይቆለፍና ፒዩኬ የሚባለውን ረዘም ያለ ቁጥር ይጠይቃል፤ እሱም አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ይሞታል። የእናቴ ጣት ስለሚንቀጠቀጥ እኔ አላበራሁትም። ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል፦ ሌባ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ቢከተው የእሷን ኮዶች ይቀበላል። ስለዚህ ስልኩ ከጠፋ ቀድሞ የሚሠራው መስመሩን ማዘጋት ነው፤ ይህን አክስቴም ታውቃለች። እናንተ ፒኑን ካበራችሁት ሲሙ ሲገዛ የመጣበትን ፕላስቲክ ካርድ አትጣሉ። ፒዩኬው እዚያ ላይ ነው ያለው።

ሁለተኛ፦ የስልኩ መክፈቻ

እናቴ ስልኳን በጣት አሻራ ነበር የምትከፍተው። ምቹ ነው፤ ግን ሁለት ችግር አለበት። የትልልቅ ሰዎች አሻራ ይሳሳል፤ ዕድሜ ልኩን ልብስ ሲያጥብና በርበሬ ሲቀነጥስ የኖረ እጅ ደግሞ የባሰ ነው። ሁለተኛ፣ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ አሻራ አይቀበልም፤ ፒኑን ወይም ፓተርኑን ነው የሚጠይቀው። ለወራት በአሻራ ብቻ የከፈተ ሰው ፒኑን ረስቶታል። ባትሪዋ ባለቀ ቀን ውጭ ትቀራለች።

ከዚህ የሚከተለውን ታውቁታላችሁ። ሰፈር ያለ የስልክ ሱቅ ትሄዳለች፤ ልጁ «ፎርማት እናድርገው» ይላታል። ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ተመልሶ ሲበራ ደግሞ ቀድሞ ስልኩ ላይ የነበረውን ጂሜይል ከነፓስወርዱ ይጠይቃል። ይህ ሌባ ስልኩን አጥፍቶ እንዳይሸጠው የተሠራ ጥበቃ ነው። ፓስወርዱን ለማታውቅ እናት ግን ሁለተኛ መቆለፊያ ይሆንባታል።

ስለዚህ ፒኑን ስድስት አኃዝ አድርጉትና እሷ ራሷ ትምረጠው። የልደት ዓመት አይሁን፤ መታወቂያዋ ላይ ስላለ ቦርሳዋን ያገኘ ሁሉ ይሞክረዋል። እናቴ የመረጠችው እሷ ብቻ የምታስታውሰውን አንድ ቀን ነው፤ ምን እንደሆነ እኔም አልጠየቅኳትም። አሻራው ይቆይ፤ ግን በየጠዋቱ የመጀመሪያው መክፈቻ በፒን ይሁን። ጣት ይለምደዋል።

ሦስተኛ፦ ጂሜይሉ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ስልኩ ላይ «Settings» ከዚያ «Google» ከዚያ «Manage your Google Account» በሉ። ከላይ ከተደረደሩት ውስጥ «Security» የሚል ቃል ያለበትን ክፈቱ። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ሁሉ እዚያ ገጽ ላይ ነው።

በፓስወርዱ ጀምሩ። ሱቅ ያለ ልጅ ያወጣው ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። እዚህ ላይ እኛን ብቻ የሚመለከት ወጥመድ አለ። ፓስወርዱ ፊደላችንን አይቀበልም፤ ስለዚህ የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል እንጽፋለን። ቀፊራን አንዱ በ`k`፣ ሌላው በ`q` ይጽፋል። ፀሐይን በ`ts` የሚጽፍ አለ፤ በ`s` ብቻ የሚጽፍም አለ። ከስድስት ወር በኋላ እናንተ ራሳችሁ እንዴት እንደጻፋችሁት አታስታውሱም። ሦስት ወይም አራት የማይገናኙ ቃላት ምረጡ፤ ሁሉንም በትንሹ ፊደል አድርጉ፤ ከዚያ ደብተሩ ላይ ፊደል በፊደል በጉልህ ጻፉት። ዜሮና `o`፣ አንድ ቁጥርና `l` የሚምታቱበትን ቃል ተዉ።

ቀጥሎ «Recovery phone» የሚለው ላይ የእናንተን ቁጥር ወይም የታማኝ ዘመድ ቁጥር አስገቡ። የእሷ ብቻ ከሆነ ያ የኛ አሥራ አንድ ሳምንት ይደገማል። «Recovery email» ላይም በየቀኑ የሚከፈት የልጅ ኢሜይል ይግባ። አሮጌ ቁጥር ከቀየራችሁ አንድ ነገር እወቁ፦ ጎግል እስከ 7 ቀን ድረስ ኮዱን በአሮጌው ቁጥር ልላክ ሊል ይችላል። ስለዚህ በማግስቱ ሞክራችሁ ካልሠራ አትደንግጡ።

ከዚያ «Recovery contacts» የሚል አለ። በ2025 የመጣ አዲስ ነገር ነው፤ ገጹ ላይ ካላያችሁት እለፉት። እስከ 10 ሰው መመዝገብ ይቻላል፤ እኛ ሦስት አደረግን። የምትመርጡት ሰው ግብዣ ይደርሰዋል፤ ካልተቀበለ አይሠራም። ስለዚህ «ልኬልሃለሁ» ብላችሁ አትተዉት፤ መቀበሉን ዓይታችሁ እለፉ። ይህ ሰው የእሷን ኢሜይል ማንበብ አይችልም። ሥራው አንድ ነው፤ እሷ ውጭ ስትቀር የእሷ ስክሪን ላይ አንድ ቁጥር ይወጣል፣ ቁጥሩን ለእሱ ትነግረዋለች፣ እሱ ደግሞ በራሱ ስልክ ላይ ከሚመጡለት ቁጥሮች ያንን ይመርጣል። ጊዜው 15 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ለተመዘገበው ሰው አጥብቃችሁ ንገሩት፦ ድምጿን ሳይሰማ አይምረጥ። በጽሑፍ ብቻ የመጣ ልመና የሌባ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ መጠባበቂያ ኮዶቹ አሉ። እነዚህን ለማግኘት «2-Step Verification» መብራት አለበት። ብዙ ልጆች ለወላጆቻቸው ይህን ያበሩና እዚያው ያቆማሉ። ያ ካለማብራት የባሰ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፓስወርዱን ብታውቅም ኮድ የሚላከው በዚያው ሊጠፋ በሚችለው ሲም ነው። አብርታችሁ ወዲያው «Backup codes» ውስጥ ግቡ። 10 ኮድ ይሰጣችኋል፤ እያንዳንዱ ስምንት አኃዝ ነው። አንዱ ኮድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ ሲጠቀሙበት ይሰረዛል። አዲስ ካወጣችሁ የድሮዎቹ በሙሉ ይሞታሉ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያወጣችሁበትን ቀን ጻፉ። ሲም የለ፣ ስልክ የለ፣ ፓስወርዱና ከእነዚህ አንዱ ካለ ትገባላችሁ።

ኮዶቹን በስልኩ ካሜራ አንስታችሁ አታስቀምጡ። ፎቶው ያለው እዚያው ልትከፍቱት በምትፈልጉት ስልክ ውስጥ ነው።

አይፎን ለያዘች እናት ነገሩ ይመሳሰላል፤ ስሟን ነክታችሁ «Sign-In & Security» ውስጥ «Recovery Contacts» የሚለውን ታገኛላችሁ።

አራተኛ፦ ቴሌግራምና ሌሎቹ

እህቴ ካናዳ ናት፤ እናቴ የልጅ ልጆቿን የምታየው በቴሌግራም ነው። ስለዚህ ለእሷ ከጂሜይሉ በላይ የሚያሳስባት ይህ ነበር።

ቴሌግራም አዲስ ስልክ ላይ ሲከፈት ኮዱን መጀመሪያ የሚልከው ቴሌግራሙ ክፍት ወደሆነበት ሌላ ስልክ ነው። ይህ ጥሩ ዕድል ነው። እናቴን ጠየቅኳት፤ ከፈቀደች በኋላ የእሷን ቴሌግራም በአሮጌው ስልክ ላይ ከፈትን። ስልኩ ቁምሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ቤት ዋይፋይ ስላለ ሲም አያስፈልገውም። አሁን የያዘችው ስልክ ቢጠፋ ኮዱ ቁምሳጥን ውስጥ ባለው ላይ ይመጣል። ከዚያው ስልክ «Devices» ውስጥ ገብቶ የጠፋውን ስልክ ማስወጣትም ይቻላል። አሮጌ ስልክ ከሌለ፣ እሷ ካልከፋት፣ በልጅ ስልክ ላይ እንደ ሁለተኛ አካውንት መክፈት ይቻላል። ይህ ግን መልእክቶቿን ሁሉ ማየት ማለት ነው። እናት ብትሆንም ጠይቁ። እናቴ ከአክስቴ ጋር የምታወራውን እኔ እንዳነብ አትፈልግም፤ መብቷ ነው።

ከዚያ «Privacy and Security» ውስጥ «Two-Step Verification» አለ። ፓስወርድ ያስመርጣል፤ ቀጥሎ ኢሜይል ይጠይቃል። ብዙ ሰው ኢሜይሉን ይዘለዋል። አትዝለሉት፤ ኢሜይል ከሌለ ፓስወርዱ ሲረሳ ቀላሉ መውጫ ይዘጋል፣ የባሰ ሲመጣ አካውንቱን ከነመልእክቱ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ይሆናል። የምታስገቡት ኢሜይል ደግሞ የእሷ አይሁን፤ የልጅ ይሁን። ጂሜይሏ ከተቆለፈ ቴሌግራሙም አብሮ እንዳይቆለፍ ነው። እዚያው ገጽ ታች ላይ «If away for» የሚል አለ፤ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንት የሚጠፋበት ጊዜ ነው። ረጅሙን ምረጡ።

ዋትሳፕም «Account» ውስጥ እንዲሁ ባለ ስድስት አኃዝ ፒን አለው፤ እሱም ላይ ኢሜይል አስገቡ። ኢሜይል ከሌለ ፒኑ ሲረሳ 7 ቀን ያስጠብቃል።

ቴሌብር የሚንጠለጠለው በሲሙ ላይ ነው፤ ሲሙ በስሟ ከሆነ አብዛኛው ችግር አልቋል። ፒኑ ከስልኩ መክፈቻ ፒን የተለየ ይሁን። ስልኩ ሲጠፋ በ127 ደውሎ ማሳወቅ ነው።

አምስተኛ፦ ወረቀቱ የት ይቀመጥ?

«ፓስወርድ ወረቀት ላይ አይጻፍም» የሚባለውን ሰምታችኋል። ለሰባ ሁለት ዓመት እናት እኔ አልስማማበትም። ድሬ ያለችውን እናቴን የሚያሰጋት ባጃጅ ውስጥ የሚጠፋ ስልክና የራሷ መርሳት ነው። ቁምሳጥኗ ውስጥ ያለውን ደብተር የሚያነብ ሰው ከሩቅ አይመጣም። ቤታችሁ ውስጥ የማታምኑት ሰው የሚገባ ከሆነ ግን ይህን ምክር አትከተሉ፤ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ እናንተ ጋ ይሁን።

እኛ ለሦስት ከፈልነው። ፓስወርዶቹ ያሉበት ደብተር ቤቷ፣ ከቤት ካርታውና ከጡረታ ደብተሯ ጋር ነው። 10ሩ ኮዶች ከዚራ ሰፈር አክስቴ ቤት ናቸው፤ አንድ ግልባጭ እኔ ጋ አለ። ፓስወርዱ ያለ ኮዱ፣ ኮዱም ያለ ፓስወርዱ አያስገባም፤ ስለዚህ አንዱን ያገኘ ሰው ምንም አያደርግም። ሌላ ቤት እንዲቀመጥ የፈለግኩት በሌላም ምክንያት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ስንት ቤት ከነሰነዱ እንደወሰደ ድሬ ያደገ ሰው አይረሳውም።

የቴሌብር ፒን የትም አልጻፍንም። ቢረሳ ሲሙና መታወቂያዋ ካሉ ይስተካከላል፤ ተጽፎ ቢገኝ ግን ገንዘቧ ነው።

ቦርሳዋ ውስጥ የሚገባው ወረቀት ሌላ ነው። የአክስቴና የእኔ ቁጥር ብቻ አለበት፤ ሌላ ምንም። ከዚያ በተጨማሪ አንድ ቁጥር በቃሏ አስያዝናት። ያን የድሮ የቤት ስልክ ለሃያ ዓመት ያልረሳች ሴት አዲስ ቁጥር አትይዝም ማን አለ? በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቡና ሲፈላ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ በየስኒው አንድ ጊዜ አስደወልኳት። ከስልኩ ማውጫ ሳይሆን አኃዝ በአኃዝ እየነካች። ያዘችው።

ስድስተኛ፦ ማን ይታመን?

ሁለት ዓይነት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ በባጃጅ አሥር ደቂቃ የሚደርስ፣ መታወቂያዋን አስይዞ ወደ ሲም ማውጫ አብሯት የሚሄድ። ይህ አክስቴ ናት፤ ስለ ኢንተርኔት ምንም ባታውቅ ችግር የለውም። ሌላው ሩቅ ቢሆንም ስክሪኑን የሚያውቅ። ይህ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛዋ እህቴ ናት። እህቴን ያስገባናት በሰዓት ልዩነቱ ምክንያት ጭምር ነው፤ እኔ በተኛሁበት ሰዓት እሷ ትነቃለች።

ሦስት ሰው ይበቃል። የስልክ ሱቁን ልጅ፣ ደግ ቢሆንም፣ አትጨምሩት። ዛሬ እዚህ ይሠራል፤ ነገ ሌላ ከተማ ይሄዳል።

እዚህ ላይ እኛ ልጆች የምናጠፋው ጥፋት አለ። እኔም ስንት ጊዜ ደውዬ «እማዬ፣ ኮድ መጥቶልሻል፣ አንብቢልኝ» ብያታለሁ። እሷም ታነባለች። ታዲያ ነገ አንድ የማታውቀው ሰው «ከቴሌ ነው የምደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩኝ» ሲላት ለምን አታነብለትም? ያስለመድኳት እኔ ነኝ። አሁን ደንባችን አንድ ነው። በስልክ ኮድ የሚጠይቃት ሰው፣ እኔም ብሆን፣ መልሷ «ቆይ፣ እኔ ልደውል» ነው። ዘግታ በቃሏ በያዘችው ቁጥር ትደውልልኛለች። ያነሳሁት እኔ ከሆንኩ፣ የጠየቅኳትም እኔ ከሆንኩ ታነባለች። «ልጄን እንዴት እጠረጥራለሁ?» ብላኝ ነበር። «እኔን አይደለም፤ የኔን ስም የያዘውን ነው» አልኳት።

ሰባተኛ፦ ሳይጠፋ አጥፍታችሁ ሞክሩት

በሁለተኛው ጠዋት የእናቴን ስልክ አጥፍተን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍነው። «ስልክሽ ባጃጅ ውስጥ ቀርቷል። ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት። ከዚያ ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ከባዱ ነው።

የጎረቤት ስልክ ተውሳ በቃሏ ደወለችልኝ። ይህ ሠራ። ከዚያ በእኔ ስልክ ላይ ጂሜይሏን ለመክፈት ፓስወርዱን ከደብተሩ አየን። አልሠራም። ደግመን ሞከርን፤ አልሠራም። ለካ በማግስቱ ራሴ ሳነበው `n` እና `h` የማይለይ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ያን ጊዜ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ስለነበረ ሳቅን፤ ደብተሩን አስተካከልን። እውነት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ያው በር ላይ ቆመን ነበር።

ፓስወርዱ ካለፈ በኋላ ኮድ ሲጠይቅ «Try another way» የሚለውን ነክተን ከመጠባበቂያዎቹ አንዱን እንዲቀበል አደረግን። አክስቴ የመጀመሪያውን ኮድ ከከዚራ ደውላ አነበበችልን። ገባን። ያን ኮድ ሁለታችንም ወረቀታችን ላይ ሰረዝነው። ዘጠኝ ቀረ። ስንጨርስ የእሷን ጂሜይል ከእኔ ስልክ ላይ አስወጣሁ።

ይህ ሙከራ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ፤ የጎደላችሁን ራሱ ይነግራችኋል።

ሁሉ ነገር ሳይደረግ ስልኩ ለጠፋባችሁ ደግሞ፦ `g.co/recover` ላይ ግቡ፤ እሷ ከዚህ በፊት በተጠቀመችበት ስልክና በቤቷ ዋይፋይ ብትሞክሩ ይሻላል። ጎግል የሚያውቀው ቦታና መሣሪያ ሲያይ ያምናል። ቶሎ ቶሎ እየደጋገማችሁ አትሞክሩ። ደውላችሁ የምታናግሩት ሰውም የለም። «እኔ በገንዘብ አስከፍታለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ብቻ ሳይሆን የእሷንም መረጃ ነው የሚወስደው።

በየወሩ

እናቴ የወሩን ገብርኤል አትረሳም። ቁልቢ በየዓመቱ ባትሄድም፣ ወር በገባ በ19 ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። ስለዚህ ሥራዋን ከዚያ ቀን ጋር አሰርነው። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አሮጌውን ስልክ ከቁምሳጥን አውጥታ ቻርጅ ታደርገዋለች፤ ቴሌግራሙን ከፍታ ታያለች። ከ07 ሲሟ አንድ ጊዜ ትደውላለች፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ያለ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል ነው። ከዚያ የእኔን ቁጥር በጣቷ እየነካች ትደውላለች። የጎረቤታችን እናት ይህንኑ ከጁምዓ በኋላ እያደረጉ ነው፤ ቀኑ የራሳችሁ ነው፣ የማይረሳ ብቻ ይሁን።

ባለፈው 19 ስትደውልልኝ ስብሰባ ላይ ነበርኩና አላነሳሁም። ወዲያው አክስቴ ደወለች። «እናትሽ ቁጥርሽን ረስታው እንደሆነ አጣሪ ብላኛለች» አለችኝ። መልሼ ደወልኩ። ቁጥሩ ልክ ነበር።